ካራክተር ኤልሲዲን በአራት የዳታ ሽቦ ማሠራት፦ የኢኔብል ምትና የማስጀመሪያው ቅደም ተከተል

ማሳያው ይበራል፣ በላይኛው መስመር ላይ አሥራ ስድስት ጥቁር ሳጥኖች ይደረደራሉ፣ ጽሑፍ ግን የለም። ወይም ኃይል ሲያገኝ በትክክል የጻፈው ኤልሲዲ ሪሴት ሲነካ የማይነበብ ምልክት ይደረድራል። ሽቦው ትክክል ሆኖ ሳለ እነዚህ ሁለት ብልሽቶች ከታዩ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የጊዜ ነው፦ ወይ የኢኔብል ምት አጥሯል፣ ወይ በማስጀመሪያው ትዕዛዞች መካከል መጠበቅ ያለበት ጊዜ ተዘልሏል።

ይህ መመሪያ 16 በ2 ኤልሲዲን ከአትሜጋ328ፒ ጋር፣ ማለትም በአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ካለው ቺፕ ጋር፣ ያለ ምንም ላይብረሪ ያገናኛል። የኤልሲዲው ተቆጣጣሪ ኤችዲ44780 ወይም እሱን የሚመስል ቺፕ ነው። በሌላ ማይክሮኮንትሮለር የምትሠሩ ከሆነ የሚቀየረው የፖርት ስም ብቻ ነው፤ ጊዜዎቹና ቅደም ተከተሉ እንዳሉ ይቀጥላሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

- 16 ፒን ያለው 16 በ2 ኤልሲዲ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ
- አርዱዊኖ ኡኖ፣ ወይም አትሜጋ328ፒ ከ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ጋር
- የ10 ኪሎኦም ፖታንሺዮሜትር
- የ220 ኦም ሬዚስተር ለጀርባ መብራቱ፣ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ለኢኔብል
- የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር
- ብሬድቦርድ፣ ሽቦና ቴስተር

የፒን መደዳው በኤልሲዲው ላይ መበየዱን አረጋግጡ። ሳይበየድ በቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ብቻ የሚቆም ፒን አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም፤ እንዲህ ያለ ማሳያ ላይ ኮድ ማረም ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ በቦርዱ ላይ የታተሙትን የፒን ቁጥሮች አንብቡ። አንዳንድ ሞዱሎች ላይ 15 እና 16 ቁጥር ከ1 ቁጥር በፊት ይመጣሉ፣ ስለዚህ ከዳር መቁጠር ያሳስታል። 5 ቮልትና ግራውንድ ከተገላበጡ ቺፑ ይቃጠላል።

## ደረጃ 1፦ ሽቦውን ማገናኘት

ቦርዱን ከኃይል አላቅቁና በዚህ ቅደም ተከተል አገናኙ።

1. ፒን 1ን ከግራውንድ፣ ፒን 2ን ከ5 ቮልት ጋር። ካፓሲተሩን በሁለቱ መካከል፣ ለኤልሲዲው በተቻለ መጠን አስጠግታችሁ አስቀምጡ።
2. የፖታንሺዮሜትሩን ሁለት ዳር እግሮች ከ5 ቮልትና ከግራውንድ፣ የመሃሉን እግር ከፒን 3 ጋር። ፒን 3 ኮንትራስቱን የሚወስነው ነው።
3. ፒን 4 (አርኤስ) ወደ `PB0`፣ በኡኖ ላይ 8 ቁጥር።
4. ፒን 5 (አርደብሊው) በቀጥታ ወደ ግራውንድ።
5. ፒን 6 (ኢኔብል) ወደ `PB1`፣ በኡኖ ላይ 9 ቁጥር። የ10 ኪሎኦሙን ሬዚስተር ከዚሁ ፒን ወደ ግራውንድ አስገቡ።
6. ከፒን 7 እስከ ፒን 10 ያሉትን ባዶ ተዉአቸው።
7. ፒን 11፣ 12፣ 13 እና 14ን በቅደም ተከተል ወደ `PD4`፣ `PD5`፣ `PD6`፣ `PD7`፣ ማለትም በኡኖ ላይ ከ4 እስከ 7።
8. ፒን 15ን በ220 ኦም በኩል ወደ 5 ቮልት፣ ፒን 16ን ወደ ግራውንድ።

ሁለቱ ነጥቦች ማብራሪያ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም ሰው የሚዘልላቸው እነሱን ነው።

አርደብሊው ካልተገናኘ ዜሮ ላይ የሚቀመጥ ይመስላል፤ አይቀመጥም። ቺፑ ውስጥ ይህን ፒን ወደ ላይ የሚስብ መጎተቻ አለ፣ ስለዚህ ባዶ የቀረ አርደብሊው "አንብብ" ማለት ይሆናል። ኤልሲዲው የላካችሁትን አይቀበልም፤ ይባስ ብሎ ኢኔብል ከፍ ባለ ቁጥር በዳታ ሽቦዎቹ ላይ የራሱን ምልክት አውጥቶ ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር ይጋፋል።

ኢኔብል ግን እንዲህ ያለ መጎተቻ የለውም። ማይክሮኮንትሮለሩ ሪሴት ላይ ሳለ ፒኖቹ ሁሉ ግቤት ናቸውና የኢኔብል ሽቦ ተንሳፎ ይቀራል፣ አጠገቡ ባለ ሽቦ ላይ የሚያልፍ ምልክትም የሐሰት ምት ሊያስነሳበት ይችላል። የ10 ኪሎኦሙ ሬዚስተር ያንን ያስቀራል።

## ደረጃ 2፦ ኮድ ሳይጫን ኮንትራስቱን ማስተካከል

ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ ምንም ፕሮግራም ሳይኖር ኃይል ስጡ። ፖታንሺዮሜትሩን ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ የላይኛው መስመር በጥቁር ሳጥኖች ሲሞላ፣ የታችኛው ባዶ ሲሆን ማየት አለባችሁ። ሳጥኖቹ ሊጠፉ ጥቂት እስኪቀራቸው አደብዝዛችሁ እዚያ ላይ ተዉት። በ5 ቮልት ሞዱል ላይ ፒን 3ን በቴስተር ብትለኩ ብዙውን ጊዜ ከ1 ቮልት በታች ታገኛላችሁ።

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ሳጥኖቹ መታየታቸው ኃይሉ፣ ኮንትራስቱና መስታወቱ ደህና መሆናቸውን ያረጋግጥላችኋል። ቺፑ ገና ሲነሳ በስምንት ቢትና በአንድ መስመር ሁኔታ ስለሆነ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ ጽሑፍ ካልመጣ ፖታንሺዮሜትሩን መነካካት አያስፈልግም፤ ጥፋቱን ከፒን 4፣ 5፣ 6፣ ከ11 እስከ 14 ሽቦዎች ወይም ከኮዱ ፈልጉ።

ሳጥኖቹ ጨርሶ ካልታዩ ወደፊት አትሂዱ። ፒን 1 እና 2 ላይ በእርግጥ 5 ቮልት መድረሱን ለኩ፣ ፒን 3 ላይ ያለው ቮልቴጅ ፖታንሺዮሜትሩ ሲዞር መለዋወጡን ተመልከቱ። የጀርባ መብራቱ መብራቱ ስለ ቺፑ ምንም አይናገርም፤ መብራቱ ለብቻው የቆመ ነው።

## ደረጃ 3፦ የኢኔብልን ምት በትክክል መስጠት

ኤልሲዲው ዳታ የሚቀበልበት የራሱ ሰዓት የለውም፤ ዳታ የሚያነበው ኢኔብል ከከፍታ ወደ ዝቅታ በሚወርድበት ቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሕፈት አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አለው፦ አርኤስን አስቀምጡ፣ ዳታውን አስቀምጡ፣ ኢኔብልን ከፍ አድርጉ፣ ጠብቁ፣ ዝቅ አድርጉ። ኢኔብል ወርዶ ሳያበቃ ዳታውን መቀየር የተሳሳተ ዳታ ያስነብባል።

በ5 ቮልት የቺፑ ዳታሺት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጊዜ ይህ ነው፦

- አርኤስ ኢኔብል ከመነሣቱ 40 ናኖሰከንድ በፊት መቀመጥ አለበት
- ኢኔብል ቢያንስ 230 ናኖሰከንድ ከፍ ብሎ መቆየት አለበት
- ዳታው ኢኔብል ከመውረዱ 80 ናኖሰከንድ በፊት መረጋጋት አለበት
- ከወረደ በኋላ ዳታው ለ10 ናኖሰከንድ መቆየት አለበት
- ከአንድ ምት መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ቢያንስ 500 ናኖሰከንድ ማለፍ አለበት

እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ስለሚመስሉ "ማይክሮኮንትሮለሬ ያን ያህል ፈጣን አይደለም" ተብሎ ይታለፋሉ። እናስላው። በ16 ሜጋኸርዝ አንድ የሰዓት ዑደት 62.5 ናኖሰከንድ ነው። ኮምፓይለሩ `PORTB |= (1 << E);` የሚለውን መስመር ወደ አንድ `sbi`፣ ቀጣዩን ማጥፊያ ወደ አንድ `cbi` ይቀይረዋል። እያንዳንዳቸው ሁለት ዑደት ይወስዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች ተከታትለው ከተጻፉ ኢኔብል ከፍ ብሎ የሚቆየው 125 ናኖሰከንድ ብቻ ነው፣ ከሚፈለገው ግማሽ በጥቂት ብቻ የሚበልጥ። አንዳንድ ሞዱል ይህንንም ተቀብሎ ይሠራል፣ ሌላው አይቀበልም፤ አንዱ ማሳያ ሠርቶ ተመሳሳዩ እንቢ የሚለው በዚህ ነው።

በ`digitalWrite` የተጻፈ ኮድ ይህ ችግር የማይታይበት ጥሪው ራሱ ብዙ ዑደት ስለሚፈጅ ነው፤ ዝግታው ሳይታሰብ ምቱን ያረዝመዋል። ያንኑ ኮድ "ላፍጥነው" ብለው ወደ ቀጥታ ፖርት ሲቀይሩት ማሳያው ይሞታል። መፍትሔው ቆይታውን በግልጽ መጻፍ ነው።

```c
#define F_CPU 16000000UL
#include <avr/io.h>
#include <util/delay.h>

#define RS PB0
#define E  PB1

static void pulse(void) {
    _delay_us(1);
    PORTB |= (1 << E);
    _delay_us(1);
    PORTB &= ~(1 << E);
    _delay_us(1);
}
```

ሦስቱ የ1 ማይክሮሰከንድ ቆይታዎች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። የመጀመሪያው አርኤስና ዳታው እንዲረጋጉ፣ ሁለተኛው ምቱ እንዲሰፋ፣ ሦስተኛው ኢኔብል ከወረደ በኋላ ዳታው እንዲቆይና ቀጣዩ ምት እንዳይቸኩል ያደርጋሉ። 1 ማይክሮሰከንድ ከሚፈለገው 230 ናኖሰከንድ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፣ ለዓይን ግን አይታይም። እዚህ ላይ መቆጠብ ምንም አያተርፍም።

ማስጠንቀቂያ፦ `_delay_us` ትክክል የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። ኮምፓይለሩ ማመቻቸት መሥራት አለበት (`-Os` በቂ ነው)፤ `F_CPU` ደግሞ ቺፑ በእርግጥ ከሚሮጥበት ፍጥነት ጋር መመሳሰል አለበት። ከፋብሪካ የወጣ አትሜጋ328ፒ ፊውዙ ካልተቀየረ በ1 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። ቺፑ በ1 እየሮጠ `F_CPU`ን 16 ሚሊዮን ብትሉ ቆይታው ሁሉ 16 እጥፍ ይረዝማል፤ ማሳያው ዝግ ይላል እንጂ ይሠራል። አደገኛው ተቃራኒው ነው፦ ቺፑ በ16 እየሮጠ `F_CPU` 1 ሚሊዮን ከተባለ ሁሉም ጊዜ ወደ አሥራ ስድስተኛ ያጥራል፣ ማስጀመሪያውም ይከሽፋል።

## ደረጃ 4፦ ባይቱን በሁለት ግማሽ መላክ

በአራት ቢት ሁኔታ አንድ ባይት በሁለት ምት ይሄዳል፦ መጀመሪያ የላይኛው ግማሽ፣ ቀጥሎ የታችኛው። የዳታ ሽቦዎቹን ከ`PD4` እስከ `PD7` ያደረግናቸው የላይኛው ግማሽ ያለ ምንም ማንሸራተት በቀጥታ እንዲቀመጥ ነው።

```c
static void nibble(uint8_t v) {
    PORTD = (PORTD & 0x0F) | (v & 0xF0);
    pulse();
}

static void send(uint8_t v, uint8_t rs) {
    if (rs) PORTB |= (1 << RS);
    else    PORTB &= ~(1 << RS);
    nibble(v);
    nibble(v << 4);
    _delay_us(80);
}
```

አርኤስ 0 ሲሆን የተላከው ትዕዛዝ ነው፣ 1 ሲሆን የሚጻፍ ፊደል ነው።

በሁለቱ ግማሾች መካከል ረጅም ጥበቃ አያስፈልግም፤ ቺፑ ሥራ የሚጀምረው ሁለተኛው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው። ረጅሙ ጥበቃ ከሁለተኛው በኋላ ይመጣል። ዳታሺቱ ለአብዛኛው ትዕዛዝ 37 ማይክሮሰከንድ ይላል፣ ፊደል ሲጻፍ 4 ይጨመርበታል። ይህ ግን የቺፑ የውስጥ ሰዓት 270 ኪሎኸርዝ ሲሆን ነው፤ ያው ሰዓት እስከ 190 ኪሎኸርዝ ሊዘገይ ይችላል። ያኔ 41 ማይክሮሰከንዱ ወደ 58 ያድጋል። 40 ማይክሮሰከንድ ብቻ የጠበቀ ኮድ በአንዱ ማሳያ ላይ ሠርቶ በሌላው ፊደል የሚበላው ለዚህ ነው። 80 ጻፉና እረፉ።

ማሳያውን ማጽዳትና ጠቋሚውን ወደ መነሻ መመለስ ልዩ ናቸው። 1.52 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ፣ በዘገየ ሰዓት ከ2.1 በላይ። ለእነሱ 3 ሚሊሰከንድ ጠብቁ።

## ደረጃ 5፦ የማስጀመሪያው ቅደም ተከተል

አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። መጀመሪያ ኮዱ፦

```c
static void lcd_init(void) {
    PORTB &= ~((1 << RS) | (1 << E));
    DDRB  |= (1 << RS) | (1 << E);
    DDRD  |= 0xF0;
    _delay_ms(50);
    nibble(0x30); _delay_ms(5);
    nibble(0x30); _delay_us(150);
    nibble(0x30); _delay_us(150);
    nibble(0x20); _delay_us(150);
    send(0x28, 0);
    send(0x08, 0);
    send(0x01, 0); _delay_ms(3);
    send(0x06, 0);
    send(0x0C, 0);
}
```

### የመጀመሪያው 50 ሚሊሰከንድ

ዳታሺቱ ኃይሉ 2.7 ቮልት ከደረሰ በኋላ ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ መጠበቅ ይጠይቃል። ማይክሮኮንትሮለሩ ከኤልሲዲው ቀድሞ ሊነቃ ይችላል፤ ያልነቃ ቺፕ ደግሞ ትዕዛዝ አይሰማም። ኃይሉ በዝግታ ከሚነሳ ምንጭ የሚመጣ ከሆነ ወደ 100 አሳድጉት።

ቺፑ ሲነሳ ራሱን የሚያስጀምርበት የውስጥ ሥርዓት አለው፣ ግን ይህ የሚሠራው ኃይሉ ከ0.1 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ ከፍታው ላይ ከደረሰ ነው። ሪሴት ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ኤልሲዲው ኃይሉን አያጣም፣ ስለዚህ ይህ ሥርዓት ጨርሶ አይነሳም። በእሱ ላይ አትተማመኑ።

### ለምን ሦስት ጊዜ `0x30`?

ኮዳችሁ ሥራ ሲጀምር ኤልሲዲው ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቁም። ሦስቱ ምቶች ከሦስቱም ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ስምንት ቢት፣ ያመጡታል።

ሁኔታ ሀ፦ በስምንት ቢት ላይ ነው። አሁን ኃይል አግኝቷል። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ሙሉ ትዕዛዝ ነው፣ ሦስቱም "ስምንት ቢት ሁን" ይሉታል። ባለበት ይቆያል።

ሁኔታ ለ፦ በአራት ቢት ላይ ሆኖ የላይኛውን ግማሽ ይጠብቃል። ሪሴት የተጫነው ሙሉ ባይት ካለፈ በኋላ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ምት ተጣምረው `0x33` ይሆናሉ፣ ትርጉሙም ስምንት ቢት ሁን ነው። ሦስተኛው ምት እንደ ሙሉ ትዕዛዝ ይታያል።

ሁኔታ ሐ፦ በአራት ቢት ላይ ሆኖ የታችኛውን ግማሽ ይጠብቃል። ሪሴት የተጫነው በሁለቱ ግማሾች መካከል ነው። የመጀመሪያው ምት በእጁ የቀረውን ግማሽ ይዘጋል። ያ የቀረው ግማሽ 0 ከነበረ ውጤቱ `0x03` ነው፣ ማለትም ጠቋሚውን ወደ መነሻ መመለስ፣ ከረጅሞቹ ትዕዛዞች አንዱ። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ከ4.1 ሚሊሰከንድ በላይ መጠበቅ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ሥራ እስኪያልቅ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምት ከዚያ ተጣምረው `0x33` ይሆናሉ።

ከሦስቱ አንዱን ብትቀንሱ ሁኔታ ሐ ይጎድላል። የመጀመሪያውን ጥበቃ ብታሳጥሩ ቺፑ በሥራ ላይ ሳለ ሁለተኛው ምት ይደርስበትና ቆጠራው ይዛነፋል።

### አራተኛው ምት፣ `0x20`

አሁን ቺፑ በእርግጠኝነት በስምንት ቢት ላይ ነው። ወደ አራት ቢት የሚወስደው ትዕዛዝም በአንድ ምት ብቻ ይላካል፤ ለዚህ ነው `send` ሳይሆን `nibble` የተጠራው። ከዚህ መስመር በኋላ ሁሉም ነገር በሁለት ምት ይሄዳል።

እዚህ ላይ የሚደረገው የተለመደ ስህተት `nibble(0x20)`ን ትቶ በቀጥታ `send(0x28, 0)` ማለት ነው። የመጀመሪያው ምት 2ን ይሰጣል፣ ቺፑም ወደ አራት ቢት ይገባል። ጥቂት ማይክሮሰከንድ ቆይቶ 8 ይመጣል፣ ቺፑ ግን ገና 2ን እየፈጸመ ነው። 8ቱ ሊጠፋም፣ እንደ ቀጣይ ባይት የላይኛው ግማሽ ሊያዝም ይችላል። ከጠፋ ኮዱ የሚሠራ ይመስላል፤ ከተያዘ የሚከተለው ሁሉ በግማሽ ባይት ይንሸራተታል።

ሌላው በብዙ ኮድ ውስጥ የሚገኝ አቋራጭ `send(0x33, 0)` ከዚያ `send(0x32, 0)` ነው። ምቶቹ 3፣ 3፣ 3፣ 2 ስለሆኑ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቶች መካከል ያለው ጊዜ 3 ማይክሮሰከንድ ገደማ እንጂ 4.1 ሚሊሰከንድ አይደለም። ኃይል ሲሰጠው ይሠራል፣ ሪሴት ላይ አልፎ አልፎ ይወድቃል። ይህን አቋራጭ ተዉት።

### የቀሩት አምስት ትዕዛዞች

`0x28` አራት ቢት፣ ሁለት መስመር፣ 5 በ8 ነጥብ ይላል። ቀደም ሲል የላክናቸው ትዕዛዞች የታችኛው ግማሻቸው ከባዶዎቹ ፒኖች ነው የተነበበው፣ እነሱም በውስጥ መጎተቻ ምክንያት 1 ናቸው፤ የመስመር ቁጥሩና የፊደል ቅርጹ በእርግጠኝነት የሚወሰኑት እዚህ ላይ ነው። ከሌሎቹ ትዕዛዞች ሁሉ መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው፣ በኋላ መቀየር አይቻልም።

`0x08` ማሳያውን ያጠፋል፣ `0x01` ያጸዳል፣ `0x06` ጠቋሚው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ያደርጋል፣ `0x0C` ማሳያውን ያለ ጠቋሚ ይከፍታል። ጠቋሚው ብልጭ እንዲል ከፈለጋችሁ በመጨረሻው ፋንታ `0x0F` ላኩ።

## ደረጃ 6፦ መጻፍና መፈተን

```c
int main(void) {
    lcd_init();
    for (;;) {
        const char *s = "SELAM";
        send(0x80, 0);
        while (*s) send(*s++, 1);
        send(0xC0, 0);
        send('2', 1);
    }
}
```

`0x80` ወደ አንደኛው መስመር መነሻ፣ `0xC0` ወደ ሁለተኛው ይወስዳል። የሁለተኛው መስመር አድራሻ የሚጀምረው ከ`0x40` እንጂ ከ16 አይደለም፤ አንደኛው መስመር በማኅደረ ትውስታው 40 ቦታ አለውና 17ኛው ፊደል ወደ ታች አይወርድም፣ ከዓይን ይሰወራል።

ፕሮግራሙ ሳያቋርጥ እንዲጽፍ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። አሁን የሪሴት ቁልፉን ሃያ ጊዜ፣ ባልተስተካከለ ክፍተት ተጫኑ። ከሃያው ሃያ ጊዜ "SELAM" ከመጣ ማስጀመሪያው ከሦስቱም ሁኔታዎች ይነሳል ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ከተበላሸ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ኃይል አጥፍቶ መክፈት ብቻውን ፈተና አይሆንም፣ ሁኔታ ሀን ብቻ ነው የሚፈትነው።

የግዕዝ ፊደል በቺፑ ውስጥ የለም። "ሰላም" ብሎ ለመጻፍ ሦስቱን ፊደላት በ5 በ8 ነጥብ ራሳችሁ ስላችሁ ከ`0x40` ትዕዛዝ በኋላ ወደ ቺፑ መላክ አለባችሁ። በአንድ ጊዜ የሚያዙት ስምንት ቅርጾች ብቻ ናቸው።

## ሲበላሽ

የላይኛው መስመር ሳጥን እንደሆነ ቀረ። ቺፑ አልተጀመረም። አርደብሊው ከግራውንድ ጋር መገናኘቱን በቴስተር አረጋግጡ፣ ቀጥሎ የኢኔብልን ሽቦ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በ`pulse` ውስጥ ያሉትን 1ዎች ለጊዜው ወደ 50 አሳድጉ። ከሠራ ችግሩ የምቱ ስፋት ወይም `F_CPU` ነው። ካልሠራ ሽቦ ነው።

የተጻፈው ሌላ ፊደል ሆኖ መጣ። ሁለት ምክንያት አለው፣ ለመለየትም ቀላል ነው። የዳታ ሽቦዎች ተቀያይረው ከሆነ ያው ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሌላ ፊደል ይተካል፣ ሪሴትም አይለውጠውም። በግማሽ ባይት ተንሸራቶ ከሆነ ግን ውጤቱ እንዲህ ነው፦ "SELAM" በግማሾች ሲጻፍ 5 3 4 5 4 C 4 1 4 D ነው። አንድ ግማሽ ሲጠፋ ቺፑ 34፣ 54፣ C4፣ 14 ብሎ ያጣምራቸዋል። 34 "4" ነው፣ 54 "T" ነው፣ C4 በብዙዎቹ ሞዱሎች ላይ የጃፓን ፊደል ነው። ስለዚህ "4T" እና ባዕድ ምልክት ካያችሁ ሽቦ አትንቀሉ፤ አንድ ምት የት እንደጠፋ ወይም እንደተጨመረ ፈልጉ።

በደንብ እየሠራ ሬሌ ወይም ሞተር ሲነሳ ይበላሻል። የኤሌክትሪክ ጫጫታው በኢኔብል ላይ የሐሰት ምት ይፈጥራል። የኢኔብልን ሽቦ አሳጥሩ፣ ከሞተር ሽቦ አርቁት፣ ካፓሲተሩ በቦታው መኖሩን እዩ። አርደብሊው ከግራውንድ ጋር ስለታሰረ ኮዱ መንሸራተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ሬሌው በተነሳ ቁጥር `lcd_init`ን እንደገና ጥሩና ጽሑፉን መልሱ።

ኢንተራፕት ሲጨመር ተበላሸ። ኢንተራፕት በሁለት ግማሾች መካከል ቢገባ በራሱ ጉዳት የለውም፣ ጊዜውን ያረዝማል እንጂ። ጉዳቱ ኢንተራፕቱ ራሱ ወደ ኤልሲዲው ሲጽፍ ነው፤ የእሱ ግማሽ በዋናው ፕሮግራም ሁለት ግማሾች መሃል ይሰነቀራል። ኢንተራፕቱ ምልክት ብቻ ያስቀምጥ፣ ጽሕፈቱን ዋናው ዑደት ይሥራው።

ከተጸዳ በኋላ የመጀመሪያው ፊደል ይጠፋል። ከ`0x01` በኋላ 3 ሚሊሰከንድ አልተጠበቀም።

ማይክሮኮንትሮለሩ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ነው። ኤልሲዲውን በ5 ቮልት አሠሩት፤ በ5 ቮልት የሚሠራው ቺፕ ከ2.2 ቮልት በላይ ያለውን እንደ 1 ስለሚቆጥር የ3.3 ቮልቱን ምልክት ያነበዋል። ግን አርደብሊው ከግራውንድ ጋር መታሰሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ አለዚያ ኤልሲዲው 5 ቮልት ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ይመልሳል። ኤልሲዲውን ራሱን በ3.3 ቮልት ከመገባችሁት የኢኔብል ምት ዝቅተኛ ስፋት ወደ 450 ናኖሰከንድ፣ የምቶቹ ርቀት ወደ 1 ማይክሮሰከንድ ያድጋል፤ የዚህ መመሪያ ኮድ ይህንንም ያሟላል። የሚያስቸግረው ኮንትራስቱ ነው፦ ለ5 ቮልት የተሠራ መስታወት ፖታንሺዮሜትሩ እስከ ግራውንድ ቢዞርም ደብዝዞ ይቀራል፣ ፒን 3 ላይ ከግራውንድ በታች የሆነ ቮልቴጅ ካልተሰጠውም አይነበብም።